ግብፅን 2 ለ 0 አሸንፈን ደረጃችን ለምን ብዙ አልተንቀሳቀሰም? የፊፋ ነጥብ ቀመር ላይ ጥያቄ

ታቦር ሥር፦
ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ሐዋሳ ማታ ማታ የምንሰበሰብበት ካፌ ውስጥ አንድ ክርክር አላልቅ ብሎናል። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2022 ዋልያዎቹ ለአፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያ ሊሎንግዌ ላይ ግብፅን 2 ለ 0 ሲያሸንፉ ሁላችንም ደረጃችን በብዙ ይዘላል ብለን ነበር። እኔ እንደጠበቅሁት ግን አልዘለለም። ቀመሩ የጨዋታውን ክብደት፣ የተጋጣሚውን ጥንካሬና የጨዋታውን የጊዜ ቅርበት ያያል ይባላል። ማጣሪያ ነበር፣ ተጋጣሚው ግብፅ ነበር፣ ጨዋታውም ትኩስ ነበር። ታዲያ ነጥቡ የት ገባ?

ሁለተኛው ጥያቄዬ ስለ ቅርበቱ ነው። አንድ ወዳጄ «የዚህ ዓመት ጨዋታ በሙሉ ዋጋው፣ ያለፈው ዓመት በ50 በመቶ፣ ከዚያ በፊት ያለው በ30፣ ከዚያም በፊት ያለው በ20 በመቶ ይቆጠራል» ይላል። እኔ ግን አሁን ባለው ቀመር ውስጥ ይህን አላገኘሁትም። የሚያውቅ ቢያስረዳኝ ደስ ይለኛል።

የዋልያ ወዳጅ፦
ነገሩ ቀላል ነው ወንድሜ። ጨዋታው በወረቀት ላይ የእኛ የሜዳ ጨዋታ ነበር። ባለሜዳ ሲያሸንፍ ያነሰ ነጥብ ያገኛል፤ እንግዳ ሲያሸንፍ ደግሞ የበለጠ። በሁለት ግብ ልዩነት ማሸነፋችን ግን ጠቅሞናል፤ አንድ ለዜሮ ቢሆን ኖሮ ከዚያም ያነሰ ነበር የምናገኘው። እኔ የምከታተለው ሰንጠረዥ ላይ ይህ ሁሉ በግልጽ ተቀምጧል።

ቁጥር ወዳድ፦
ታቦር ሥር፣ ወዳጅህ የሚናገረው ስለ አሮጌው ቀመር ነው። እሱ ከ2006 እስከ 2018 ሠርቶ ቀርቷል። አሁን ያለው ከሩሲያው የዓለም ዋንጫ በኋላ የመጣው ነው። ሁለቱን ካልለየን ክርክራችሁ ካፌው እስኪዘጋ አያልቅም።

አሮጌው ማባዛት ነበር፦

```
P = M × I × T × C
```

`M` የውጤቱ ነጥብ ነው፦ ለድል 3፣ ለአቻ 1፣ ለሽንፈት 0። `I` የጨዋታው ክብደት ነው፦ የወዳጅነት ጨዋታ 1፣ ማጣሪያ 2.5፣ የአህጉር ዋንጫ 3፣ የዓለም ዋንጫ 4። `T` ማለት 200 ሲቀነስ የተጋጣሚው ደረጃ ሲሆን፣ `C` የአህጉሩ ማባዣ ነው፤ የአፍሪካው በመጨረሻዎቹ ዓመታት 0.85 ነበር። ግብፅን ለስሌት እንዲቀል 40ኛ ብንላት፣ የሊሎንግዌው ድል በዚያ ቀመር 3 × 2.5 × 160 × 0.85፣ ማለትም 1020 ነጥብ ይሆን ነበር። ትልቅ ቁጥር ይመስላል፤ ግን ነጥቡ አይደመርም፣ ከዓመቱ ጨዋታዎች ጋር አማካዩ ይወሰዳል።

አዲሱ ቀመር በቼዝ ተጫዋቾች ደረጃ የታወቀው የኤሎ ስሌት ነው፦

```
P  = P0 + I × (W − We)
We = 1 / (10^(−dr/600) + 1)
```

`P0` ከጨዋታው በፊት የነበረህ ነጥብ ነው። `W` ላይ ድል 1፣ አቻ 0.5፣ ሽንፈት 0 ነው። `We` ከአንተ የሚጠበቀው ውጤት ሲሆን፣ የሚወሰነው `dr` በተባለው የነጥብ ልዩነት ብቻ ነው፤ ይህም የአንተ ነጥብ ሲቀነስ የተጋጣሚህ ነጥብ ነው። ዝነኛ ስም፣ የተጫዋቾች ዋጋ፣ ታሪክ፣ አንዱም አይገባበትም።

አሁን የእኛን እንሥራ። ቁጥሮቹን ክብ አደርጋቸዋለሁ፦ ኢትዮጵያ 1100፣ ግብፅ 1500 እንበል። ልዩነቱ 400 ነው፤ አነስተኛዎቹ እኛ ስለሆንን የእኛ `dr` −400 ነው። ከእኛ የሚጠበቀው 0.177 ይሆናል፤ ማለትም ቀመሩ ከጨዋታው በፊት ለእኛ ከአምስት አንድ ዕድል እንኳ አልሰጠንም። የማጣሪያ ክብደት 25 ነው። ስለዚህ ድሉ ያስገኘው 25 × (1 − 0.177)፣ ወደ 20.6 ነጥብ ነው። ግብፅም ይህንኑ 20.6 አጥታለች። በኤክሴል ለመሞከር የሚፈልግ ይህን ይጻፍ፦

```
=25*(1-1/(10^(400/600)+1))
```

20 ነጥብ ለአንድ ጨዋታ ጥሩ ነው። ግን ከጥቂት ቀናት በፊት እዚያው ሊሎንግዌ ላይ በማላዊ 2 ለ 1 መሸነፋችንን አትርሳ። ማላዊን 1150 ብንላት፣ ያ ሽንፈት 11.3 ገደማ ወስዶብናል፤ ምክንያቱም ከተቀራራቢ ቡድን ጋር ስትጫወት ቀመሩ ግማሽ ያህል ይጠብቅብሃል። ሁለቱ ሲቀናነሱ የቀረልን 9 ነጥብ ገደማ ነው። የጠፋብህ ዝላይ እዚያ ነው ያለው።

የዋልያ ወዳጅ፦
ስለ ሜዳውና ስለ ግቡ ልዩነት ያልኩትን ግን አልመለሱልኝም መምህር። ይህን ከየትም አላመጣሁትም። ሰንጠረዡ ላይ ባለሜዳ 100 ነጥብ እንደሚጨመርለት ተጽፏል።

ቁጥር ወዳድ፦
የሚከታተሉት `eloratings.net`ን ይመስለኛል። እዚያ ላሉት ነገር ልክ ነዎት፦ ለባለሜዳው 100 ነጥብ ይታሰብለታል፣ የሁለት ግብ ልዩነት ክብደቱን በ1.5 ያበዛዋል፣ የወዳጅነት ጨዋታ 20 ነው፣ የዓለም ዋንጫ ደግሞ 60። አካፋዩም 600 ሳይሆን 400 ነው። ግን እሱ የፊፋ አይደለም። በፊፋ የወንዶች ቀመር 1 ለ 0 እና 7 ለ 0 እኩል ናቸው፤ ሜዳው አዲስ አበባ ይሁን ሊሎንግዌ ለውጥ የለውም።

የዋልያ ወዳጅ፦
እንግዲያው የተሻለው የኔው ነው ማለት ነው! ያለ ሜዳ ከአገር አገር የሚንከራተት ቡድንና ሰማንያ ሺህ ደጋፊ ፊት የሚጫወት ቡድን እንዴት እኩል ይታያሉ?

አሞራ ገደል፦
እዚህ ላይ ጠቃሚ ነገር ተነሥቷል። ፊፋ ራሱ የሴቶቹን ደረጃ ሲሠራ የሜዳውን ጥቅምም የግቡን ልዩነትም ያስገባል። ለወንዶቹ ነው የተወው። ስለዚህ «አይቻልም» የሚባል ነገር አይደለም፤ ምርጫ ነው። ቡድናችን የሜዳ ጨዋታውን ውጭ ሲያደርግ ቀመሩ አያውቀውም፤ ጉዳቱ በውጤቱ በኩል ብቻ ነው የሚመጣው።

አረንጓዴ ማልያ፦
እኔን እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ለ2014ቱ የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ቦትስዋናን ሎባትሴ ድረስ ሄደን አሸነፍን። መጫወት የማይገባው ተጫዋች ተሰልፏል ተብሎ 3 ነጥብ ተቀማን። ደረጃችን ከዚያ በኋላ ያላገገመው በዚህ አይደለም? 3ቱ ነጥብ ቢመለስ አሁን የት እንሆን ነበር?

አሞራ ገደል፦
ወንድሜ፣ ያ የምድቡ ነጥብ ነው፤ የደረጃው ነጥብ ሌላ ነው። ከምድባችን ሠንጠረዥ ላይ 3 ተቀንሶብን እንኳ ደቡብ አፍሪካን አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 1 አሸንፈን ስለነበር ምድቡን በአንደኝነት ጨርሰን ከናይጄሪያ ጋር የመጨረሻውን ማጣሪያ ተጫውተናል። ደግሞም ያ ዘመን የአሮጌው ቀመር ነበር፤ አንድ ጨዋታ ከአራት ዓመት በኋላ ከስሌቱ ፈጽሞ ይወጣ ነበር። የ2013ቱ ቁስል የልብ ነው እንጂ የቀመር አይደለም።

እስቲ አሮጌው ቀመር ለምን እንደተጣለ ልጨምር፤ ከላይ «አማካዩ ይወሰዳል» የተባለው ላይ ነው ጉዱ። አንድ ቡድን በዓመቱ አምስት ጨዋታ አድርጎ በአማካይ 300 ነጥብ ይዟል እንበል፤ ድምሩ 1500 ነው። ስድስተኛ ጨዋታ በወዳጅነት 140ኛ ደረጃ ላይ ካለ የአፍሪካ ቡድን ጋር አድርጎ አሸነፈ። ያገኘው 3 × 1 × 60 × 0.85፣ 153 ነጥብ ነው። አዲሱ አማካይ 1653 ለ 6 ሲካፈል 275.5 ሆነ። አሸነፈና ወረደ! ተሸንፎ ቢሆን ወደ 250 ይወርድ ነበር፤ ቤቱ ቢቀመጥ ግን 300ውን ይዞ ይቆይ ነበር።

ይህን ያወቁ ፌዴሬሽኖች ተጠቀሙበት። በሰፊው የተወራው የፖላንድ ነው። ለ2018ቱ የዓለም ዋንጫ የምድብ ድልድል ደረጃ ከመታየቱ በፊት የወዳጅነት ጨዋታን ሸሸች፤ ከማጣሪያው ብቻ ነጥብ ሰበሰበች፤ አንደኛ ቋት ውስጥ ገባች። ስፔንና እንግሊዝ ሁለተኛ ቋት ውስጥ ነበሩ። ከዚያ ሩሲያ ላይ ፖላንድ ከሴኔጋል፣ ከኮሎምቢያና ከጃፓን ጋር ተደልድላ የምድቡ መጨረሻ ሆነች። ብራዚል ደግሞ ተቃራኒው ደርሶባታል፦ የ2014 አዘጋጅ ስለነበረች ማጣሪያ አልነበራትም፣ ክብደታቸው 1 የሆነ የወዳጅነት ጨዋታዎችን ስትደጋግም በሰኔ 2013 እስከ 22ኛ ወረደች። በዚያው ወር የኮንፌዴሬሽኖች ዋንጫን ፍጻሜ ደርሳ ስፔንን 3 ለ 0 አሸነፈች። ብራዚል 22ኛ!

ታቦር ሥር፦
አመሰግናለሁ፣ የመጀመሪያው ጥያቄዬ ተመልሷል። የሁለተኛው ግን የባሰ ግራ አጋባኝ። አዲሱ ቀመር ውስጥ ቀን የሚባል ነገር የለም። `I`፣ `W`፣ `We` ብቻ። ታዲያ ቅርበት ይቆጠራል የሚባለው ውሸት ነው?

ቁጥር ወዳድ፦
ውሸት አይደለም፣ መልኩን ቀይሯል። አሮጌው ቀመር የሚቆጥረው በወራት ነበር። አንድ ጨዋታ ዓመት የሞላው ዕለት ዋጋው በአንድ ጊዜ ከሙሉ ወደ ግማሽ ይወድቅ ነበር፤ ቡድኑ ሳይጫወት ነጥቡ የሚቀየረው ለዚህ ነበር። አዲሱ የሚቆጥረው በጨዋታ ነው። እያንዳንዱ አዲስ ውጤት የድሮውን ግምት ጥቂት ይገፋዋል። የድሮው ውጤት አይሰረዝም፣ በላዩ ላይ በሚከመሩት ውጤቶች እየሳሳ ይሄዳል።

ምን ያህል ቶሎ ይሳሳል የሚለው ነው ዋናው ነገር፤ እሱን የሚወስነው ደግሞ `I` ነው። ምሳሌ ልስጥህ። ቡድናችን በአዲስ አሠልጣኝና በአዲስ ልጆች በእርግጥ ተሻሽሎ፣ እውነተኛ አቅሙ ከተመዘገበለት በ60 ነጥብ ይበልጣል እንበል። በወረቀት እኩል ከሆነ ቡድን ጋር ሲጫወት ቀመሩ 0.5 ይጠብቅበታል፤ እሱ ግን በእውነት 0.557 የሚያገኝ ቡድን ነው። ትርፉ በአንድ ማጣሪያ በአማካይ 25 × 0.057፣ 1.4 ነጥብ ገደማ ነው። ከ60ው ውስጥ 1.4! ክፍተቱ እየጠበበ ሲሄድ ትርፉም ስለሚያንስ፣ ግማሹን ለመዝጋት 29 የሚያህሉ የማጣሪያ ጨዋታዎች ያስፈልጋሉ። በመደበኛው የፊፋ መርሐ ግብር ውስጥ በሚደረጉ፣ ክብደታቸው 10 በሆነ የወዳጅነት ጨዋታዎች ብቻ ቢሆን ከ70 በላይ ይጠይቃል። ከመርሐ ግብሩ ውጪ ያሉት ደግሞ 5 ስለሆኑ እነሱን አልቆጥራቸውም።

የዓለም ዋንጫ የምድብ ጨዋታ 50፣ ከሩብ ፍጻሜ ጀምሮ 60 ነው። የአህጉር ዋንጫ 35፣ ከሩብ ፍጻሜው ጀምሮ 40። ስለዚህ ትልቅ መድረክ ላይ የሚቆይ ቡድን ያለፈውን ቶሎ ይረሳል፤ በማጣሪያ ብቻ የሚኖር ቡድን ያለፈውን ረጅም ጊዜ ተሸክሞ ይሄዳል። በዓመት አሥር ማጣሪያ የሚያደርግ ቡድን ግማሹን ክፍተት ለመዝጋት ሦስት ዓመት ይፈጅበታል። በዚያ ጊዜ ውስጥ አሠልጣኙ ይባረራል።

አሞራ ገደል፦
አሠልጣኙ መባረሩ እንኳ ያለ ቀመርም የታወቀ ነው።

ከመምህሩ አንድ ነገር ላይ እለያለሁ። «ቅርበት መልኩን ቀይሯል» ማለት ጨዋነት የበዛበት አገላለጽ ነው። ለሚጫወት ቡድን እውነት ነው። ለማይጫወት ቡድን ግን ቅርበት የሚባል ነገር ጭራሽ የለም፤ አንድ ዓመት ሙሉ ቢቀመጥ ነጥቡ እንዳለ ነው የሚጠብቀው። የፖላንድን በር ዘጉት፣ ምክንያቱም አሁን ደካማን ማሸነፍ ቢያንስ ነጥብ አይቀንስም። ግን ነጥቡን የሚፈራ ቡድን ከደካማ ጋር ባለመጫወት ዛሬም ራሱን መጠበቅ ይችላል። አቻ ቢወጣ ይቀነስበታላ።

ቁጥር ወዳድ፦
እሱ ትክክል ነው። እኔ ብሆን ለማይጫወት ቡድን በየዓመቱ ነጥቡን ወደ መሃል ትንሽ እጎትተው ነበር። ፊፋ ይህን አላደረገም።

ደብረ ዘይት መንገድ፦
አዳማ ሆኜ ነው የምከታተላችሁ። ሁላችሁም የረሳችሁት ነገር አለ። አሮጌው ቀመር ቢያንስ 0.85 ብሎ አፍሪካን በግልጽ ይቀንስ ነበር፤ ሰው አይቶ ይቆጣ ነበር። አሁን ማባዣው ጠፋ ተብሎ እልል ተባለ። ግን የአፍሪካ ቡድን በማጣሪያ የሚጫወተው ከአፍሪካ ቡድን ጋር ነው። እኛ 20 ስናገኝ ግብፅ 20 አጣች፤ የአህጉሩ ድምር ያው ነው። በ2018 መነሻ ነጥብ ሲሰጥ በአሮጌው ደረጃ ተመሥርቶ ነው የተሰጠው። ስለዚህ 0.85 በመነሻው ውስጥ ተቀብሯል፤ አልጠፋም።

ቁጥር ወዳድ፦
ጥሩ ነጥብ ነው፤ ግን ሙሉ በሙሉ የተዘጋ ቤት አይደለም። ከሌላ አህጉር ቡድን ላይ የሚገኝ ነጥብ ከውጭ የሚገባ ነው። ሞሮኮ ኳታር ላይ ቤልጂየምን በምድብ፣ ፖርቱጋልን በሩብ ፍጻሜ ስታሸንፍ ክብደቱ 50 እና 60 ነበር። ያ ነጥብ ወደ አፍሪካ ገባ። ከዚያ በኋላ ሞሮኮን በማጣሪያ ያሸነፈ የአፍሪካ ቡድን ከዚያ ይካፈላል። በተጨማሪ በዋናው ውድድር የጥሎ ማለፍ ጨዋታ የተሸነፈ ቡድን ነጥብ አይቀነስበትም፤ አሸናፊው ግን ይጨመርለታል። ስለዚህ በየአፍሪካ ዋንጫው ከምንም የተፈጠረ ጥቂት ነጥብ ይገባል።

ደብረ ዘይት መንገድ፦
ይህ የጥሎ ማለፉ ሕግ በአውሮፓ ዋንጫም ይሠራላ! እዚያም ከምንም ይፈጠራል። የሚገባው በሁለቱም በኩል ከሆነ ክፍተቱን ምን ያጠበዋል? በአራት ዓመት አንድ ጊዜ፣ በአንድ ሞሮኮ? ቁጥሩን ያየ ሰው ካለ ያምጣ፤ እኔ በዚህ አልስማማም።

መናኸሪያ አካባቢ፦
ይቅርታ፣ ክርክራችሁን ላቋርጥ። እኔ ሐዋሳ ውስጥ በክረምት የስምንት ሰፈር ቡድኖች ውድድር ከሚያዘጋጁት አንዱ ነኝ። እያንዳንዱ ቡድን ከሌሎቹ ጋር አንድ ጊዜ ይጫወታል፣ ሰባት ሰባት ጨዋታ ማለት ነው። በየዓመቱ ድልድሉ ላይ ጠብ አለ፤ «ጠንካራ ቡድን እንዴት ከጠንካራ ጋር ተመደበ» ይባላል። ይህን ቀመር ወስጄ ሁሉንም ከ1000 ብጀምራቸው ይሠራልኛል? `I` 25 ላድርገው?

ቁጥር ወዳድ፦
በ25 አይሠራም፤ በጣም ይቀዘቅዛል። ሁሉም ከ1000 ጀምረው አንዱ ቡድን ሰባቱንም ቢያሸንፍ የሚያገኘው ወደ 80 ነጥብ ነው። በዚያ ነጥብ በቀጣዩ ዓመት 1000 ላይ ካለ ቡድን ጋር ሲገናኝ ቀመሩ 58 በመቶ ብቻ ይሰጠዋል። ሁሉን ያሸነፈ ቡድን 58 በመቶ! ደጋፊዎቹ ይስቁብሃል።

100 ብታደርገው ሰባቱን ያሸነፈ ወደ 270 ይጠጋል፤ የሚጠበቅበትም 74 በመቶ ገደማ ይሆናል፤ ይህ ለስሜት ይቀርባል። ግን ዋጋ አለው፦ አንድ በዕድል የመጣ ድል በአንዴ 50 ነጥብ ያወዛውዛል። ፊፋ ክብደቱን ዝቅ ያደረገው ቡድኖቹ ለዓመታት ስለሚጫወቱ ነው።

አሞራ ገደል፦
እኔ የምመክርህ ሌላ ነው። ሁሉም ከሁሉም ጋር አንድ አንድ ጊዜ ከተጫወቱ የተጋጣሚ ጥንካሬ ለሁሉም እኩል ነው፤ ሁሉም ጨዋታ ክብደቱ አንድ ነው፤ ሁሉም የዚህ ክረምት ነው። ቀመሩ ሊያስተካክላቸው የመጣባቸው ሦስቱም ችግሮች አንተ ጋ የሉም። ያለፈው ክረምት የደረጃ ሠንጠረዥ ለድልድሉ ይበቃሃል። ቀመሩ የሚያስፈልግህ ከሌላ ክፍለ ከተማ የሚመጣ፣ ከጥቂቶቹ ጋር ብቻ የሚጫወት ቡድን ሲኖርህ ነው።

መናኸሪያ አካባቢ፦
ዘንድሮ አንድ ቡድን ከአላሙራ በኩል ሊጨመር ነው፤ ከሦስቱ ጋር ብቻ ነው የሚጫወተው። ደግሞ ባለፈው ዓመት ሻምፒዮን የሆነው ቡድን ልጆች ግማሾቹ ለሌላ ሰፈር ፈርመዋል። የእሱን ነጥብ ለማን ልስጥ?

ቁጥር ወዳድ፦
ለአዲሱ ቡድን 1000 ስጠውና የእሱን ጨዋታዎች ብቻ በ`I` 100 አስላ፤ ነባሮቹን በ50 ተዋቸው። የሻምፒዮኑን ግን ቀመሩ አይመልስልህም። የሚያውቀው የቡድኑን ስም እንጂ ማን እንደለበሰው አይደለም፤ ይህ በዋልያዎቹም ላይ ያው ነው። ከሰፈሩ ሽማግሌዎች ጋር ተነጋግረህ ትርፉን ግማሽ አድርገው፦ 1200 ከነበረ ከ1100 ይጀምር።

የዋልያ ወዳጅ፦
ለሰፈር ውድድር ግን ግብ ልዩነት መቆጠር አለበት። 6 ለ 0 እና 1 ለ 0 እኩል ናቸው ብትላቸው ሜዳውን ይገለብጡታል።